መዳብ ሲቀዘቅዝ ሙቀት አቅሙ የት ይገባል? ከቋሚው ቁጥር እስከ አንስታይንና ዲባይ ሞዴሎች

አንድ ኪሎ ግራም ንጹሕ መዳብ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ተንጠልጥሎ 4 ኬልቪን ላይ፣ ማለትም ከፍጹም ዜሮ በ4 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ይገኛል እንበል። በላዩ ላይ በተጣበቀች ትንሽ ማሞቂያ አማካይነት 1 ጁል ሙቀት እንስጠው። 1 ጁል በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ መቶ ግራም የሚመዝን ዕቃ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ ከሚያስፈልገው ኢነርጂ ብዙም አይበልጥም። በተለመደው የክፍል ሙቀት ላይ ይኸው 1 ጁል ያንኑ መዳብ የሚያሞቀው በ0.0026 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ይህን ለውጥ ለማየት ጥሩ መለኪያ ያስፈልጋል። 4 ኬልቪን ላይ ግን መዳቡ በአንድ ጊዜ ወደ 8 ኬልቪን ይደርሳል። በዚያ ቅዝቃዜ የመዳቡ ሙቀት አቅም በክፍል ሙቀት ከነበረው ከአራት ሺህ ጊዜ በላይ አንሷል፤ መዳቡ ግን ያው መዳብ ነው፤ አቶሞቹም አልቀነሱም።

እጅግ ቀዝቃዛ መሣሪያዎችን የሚሠሩ መሐንዲሶች ዛሬም በየቀኑ የሚያሰሉት ይህንኑ ነው። የድሮውን ቋሚ ቁጥር ይዞ ወደ እነዚህ የሙቀት መጠኖች የሚወርድ ሰው የሚሳሳተው በመቶኛ ሳይሆን በሺዎች እጥፍ ነው። ይሁን እንጂ የሙቀት አቅም እንደሚወርድ ማወቅ ብቻውን አይበቃም። እንዴት ባለ ፍጥነትና በምን ዓይነት መንገድ እንደሚወርድ ማወቅ የተለየ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱ የታወቁ የኳንተም ሞዴሎች የሚለያዩትም በዚሁ ነው።

በመጀመሪያ ቋሚው ቁጥር ከየት እንደመጣ እንመልከት። ፈረንሳዮቹ ዱሎንግ እና ፔቲ እ.ኤ.አ. በ1819 የብዙ ጠጣር ንጥረ ነገሮችን ልዩ ሙቀት ከለኩ በኋላ፣ ልዩ ሙቀቱ በአቶማዊ ክብደት ሲባዛ ለሁሉም የሚቀራረብ ቁጥር እንደሚሰጥ አስተዋሉ። በዛሬው መለኪያ ቁጥሩ በሞል በኬልቪን 24.9 ጁል ገደማ ነው። የኋላው ክላሲካል ፊዚክስ ምክንያቱን በቀላሉ አስረዳ። በጠጣር ነገር ውስጥ ያለ እያንዳንዱ አቶም በጎረቤቶቹ መካከል በሞላ እንደታሰረ ኳስ በሦስት አቅጣጫ ይነዝራል፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ የእንቅስቃሴ ኢነርጂው በአማካይ ½kT፣ በሞላው ውስጥ የሚከማቸውም እንዲሁ ½kT ነው፤ T ከፍጹም ዜሮ ጀምሮ የሚቆጠረው የሙቀት መጠን፣ k ደግሞ የቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር ነው። ሦስቱ አቅጣጫዎች ሲደመሩ 3kT ይሆናሉ፤ ለአንድ ሞል 3RT ማለት ነው፤ R የጋዝ ቋሚ ቁጥር ነው። ስለዚህ የሙቀት መጠኑ በአንድ ዲግሪ ሲጨምር የሚያስፈልገው ሙቀት ሁልጊዜ 3R ነው።

በዚህ አስተሳሰብ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ከውጤቱ የጠፋው ነገር ነው። የአቶሙ ክብደት የለም፤ የሞላው ጥንካሬም የለም። ሞላው ጠንካራም ይሁን ልል፣ አቶሙ ከባድም ይሁን ቀላል፣ መልሱ ያው 3R ነው። ይህ የክላሲካሉ ትንታኔ ውበት ቢመስልም የሚያጠምደውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም አንድ ንጥረ ነገር ከሌላው ቢለይ፣ ወይም ያው ንጥረ ነገር ሲቀዘቅዝ ቢለወጥ፣ ክላሲካሉ ስሌት ልዩነቱን የሚያስገባበት ቦታ በውስጡ የለውም። በአንድ ቁጥር ላይ ማሻሻያ በማድረግ የሚድን አልነበረም።

አስቸጋሪው ንጥረ ነገር አልማዝ ነበር። በክፍል ሙቀት የአልማዝ ሙቀት አቅም በሞል በኬልቪን 6.1 ጁል ገደማ፣ ማለትም ከሚጠበቀው ሩብ ብቻ ነው። በ1870ዎቹ ሃይንሪሽ ፍሪድሪሽ ቬበር አልማዝን ከዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከሆነ የሙቀት መጠን ጀምሮ እስከ 1000 ዲግሪ አካባቢ ድረስ እየለካ፣ የሙቀት አቅሙ ከሙቀት መጠኑ ጋር በከፍተኛ ደረጃ እንደሚጨምርና ከላይ ሲደርስ ወደ ተለመደው ቁጥር እንደሚጠጋ አሳየ። አልማዝ የተለየ ሕግ ያለው ንጥረ ነገር አልነበረም ማለት ነው፤ ሕጉ ውስጥ ለመግባት ከሌሎቹ የበለጠ መሞቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ቬበር በኋላ ዙሪክ ውስጥ የአንስታይን አስተማሪ ሆነ፤ አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1907 ባወጣው ጽሑፍ ላይ ንድፈ ሐሳቡን የፈተነው በዚሁ የቬበር መለኪያ ነበር።

የአንስታይን ሐሳብ አጭር ነው። ፕላንክ ለጨረር እንዳደረገው ሁሉ፣ የሚነዝር አቶምም ኢነርጂ የሚቀበለው በፈለገው መጠን ሳይሆን hν በሆነ እሽግ ብቻ ነው፤ h የፕላንክ ቋሚ ቁጥር፣ ν የንዝረቱ ድግግሞሽ ነው። የሙቀቱ ኢነርጂ፣ ማለትም kT፣ ከእሽጉ በጣም ሲበልጥ እሽጎቹ ደቃቅ ስለሚሆኑ ነገሩ ሁሉ ክላሲካል ይመስላል። kT ከእሽጉ ሲያንስ ግን አብዛኞቹ አቶሞች አንዲት እሽግ እንኳ መግዛት አቅቷቸው በዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይቀራሉ። ትንሽ ሙቀት ሲጨመርም አብዛኞቹ አይቀበሉትም፤ ሙቀት አቅሙ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። የእሽጉን መጠን በሙቀት መለኪያ ለመግለጽ hν ለ k ይካፈልና θ የሚባል ቁጥር ይገኛል። x = θ/T ብለን ብንጽፍ፣ የአንስታይን ቀመር እንዲህ ይሆናል፦

```
C = 3R · x² · eˣ / (eˣ − 1)²
```

ለአልማዝ θ ወደ 1320 ኬልቪን ነው። 300 ኬልቪን ላይ x 4.4 ይሆናል፤ ይህም አንዲት እሽግ ለመውሰድ የሚያስፈልገው ኢነርጂ ከአማካዩ የሙቀት ኢነርጂ kT ከአራት እጥፍ በላይ እንደሆነ ይነግረናል። በዚህ ሁኔታ ከመቶ ንዝረቶች አንዱ ያህል ብቻ ነው ከመሠረቱ ደረጃ በላይ የሚገኘው። ቁጥሩን ወደ ቀመሩ ስናስገባ ውጤቱ ከ3R 0.244 ያህሉ፣ ማለትም 6.1 ጁል ይሆናል፤ የሚለካውም ይኸው ነው። በእርግጥ θ ራሱ ከመለኪያዎቹ ስለተወሰደ በአንድ ነጥብ ላይ መስማማቱ ብዙ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው አንድ ጊዜ የተወሰነው θ ከበታችም ከበላይም ያሉትን አብዛኞቹን የቬበር ነጥቦች መከተሉ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱበትን ነገር ልጠቁም። θ እንደ መቅለጫ ነጥብ ያለ ድንበር አይደለም፤ እዚያ ሲደረስ የሚሰበር ወይም የሚበራ ነገር የለም። በአንስታይን ቀመር T ከ θ ጋር እኩል ሲሆን የሙቀት አቅሙ አስቀድሞ የ3R 92 በመቶ ላይ ደርሷል። ክላሲካሉ ቁጥር ጎልቶ መውደቅ የሚጀምረው ከዚያ በታች፣ በ θ ግማሽና ሦስተኛ አካባቢ ነው። እርሳስ በክፍል ሙቀት ሕጉን አክባሪ የሚመስለውም አቶሞቹ ከባድ፣ ትስስራቸውም ልል በመሆኑ θው ወደ 100 ኬልቪን ዝቅ ስላለ ነው፤ አልማዝ ደግሞ አቶሞቹ ቀላል፣ ትስስራቸውም እጅግ ጠንካራ ነው። ክላሲካሉ ስሌት የጣላቸው ክብደትና ጥንካሬ በ θ በኩል ተመልሰው ገቡ።

ሞዴሉ የወደቀው ግን መለኪያው ወደ ታች ሲወርድ ነው። ቫልተር ኔርንስት እና ባልደረቦቹ በ1910 እና በ1911 ፈሳሽ ሃይድሮጅን እስከሚገኝበት ቅዝቃዜ ድረስ ወርደው መዳብንና ሌሎች ጠጣሮችን ለኩ። የሙቀት አቅሙ እንደተተነበየው ወረደ፤ ይሁን እንጂ የአንስታይን ቀመር እንደሚለው ያህል ፈጥኖ አልጠፋም። ኔርንስት እና ሊንደማን በ1911 ለማስተካከል በቀመሩ ውስጥ ሁለት ድግግሞሾችን፣ አንዱን ሙሉ ሌላውን ግማሽ አድርገው አስገቡ። ይህ ከመለኪያው ጋር በደንብ የሚገጥም ጥገና ነበር፤ ግማሹ ድግግሞሽ ለምን እንደተመረጠ ግን ጠንካራ ምክንያት አልነበረውም። አንስታይን ራሱም በዚያ ዘመን አቶሞች ሁሉ በአንድ ድግግሞሽ ይነዝራሉ ማለቱ ከመጠን ያለፈ ማቅለል እንደነበር ተቀብሏል።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ በመዳብ ላይ እናስላ። ከአንስታይን በኋላ የመጣውና ከታች የምናየው የዲባይ ሞዴልም የራሱ θ አለው፤ ለመዳብ ይህ የዲባይ ሙቀት መጠን 343 ኬልቪን ነው። የአንስታይኑን θ ፍትሐዊ በሆነ መንገድ ለመምረጥ፣ ሁለቱ ሞዴሎች በከፍተኛ ሙቀት ላይ እንዲገጥሙ ብናደርግ 266 ኬልቪን ይሆናል። ከዚህ በኋላ ወደ 20 ኬልቪን እንውረድ። የአንስታይን ቀመር በሞል በኬልቪን 0.0074 ጁል ይሰጣል፤ የዲባይ 0.385 ይሰጣል፤ የሚለካው ደግሞ 0.46 አካባቢ ነው። የአንስታይኑ ከዲባዩ ከ50 እጥፍ በላይ ያንሳል። 10 ኬልቪን ላይ ደግሞ ልዩነቱ አንድ ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ይደርሳል። አንድ ሞዴል በሚሊዮን እጥፍ ሲሳሳት ችግሩ የተሳሳተ θ መምረጥ ሊሆን አይችልም። ማንኛውም ሌላ θ ቢመረጥ በአንድ ነጥብ ላይ ገጥሞ በሌላው መሳሳቱ አይቀርም፤ ምክንያቱም ችግሩ ያለው የመስመሩ ቅርጽ ላይ ነው።

የዚህ ምክንያት አቶሞች ለየብቻቸው ያልታሰሩ መሆናቸው ነው። አንድ አቶም ሲነቃነቅ ጎረቤቱን ይጎትታል፤ እሱም ቀጣዩን ይጎትታል። ስለዚህ በጠጣር ውስጥ ያለው እውነተኛ ንዝረት የአንድ አቶም ሳይሆን ብዙ አቶሞች አብረው የሚሄዱበት ሞገድ ነው። ጎረቤታሞች በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱበት አጭር ሞገድ ሞላዎቹን በኃይል ስለሚጨምቅ ድግግሞሹ ከፍተኛ፣ እሽጉም ትልቅ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ አቶሞች አንድ ላይ በቀስታ የሚወዛወዙበት ረጅም ሞገድ ግን ጎረቤታሞችን እርስ በርስ የሚያራርቀው እጅግ በጥቂቱ ስለሆነ ድግግሞሹ ዝቅተኛ ነው፤ እሽጉም ትንሽ ነው። ረጅም ሞገድ ማለት በጠጣሩ ውስጥ የሚያልፍ ተራ ድምፅ ነው። ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢወርድ፣ እሽጋቸው ከ kT የሚያንስ ረጃጅም ሞገዶች ሁልጊዜ ይኖራሉ። አንስታይን ለሁሉም አንድ ትልቅ እሽግ ስለሰጠ ኢነርጂ ለመቀበል ዝግጁ የሆኑት ንዝረቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ተዘጉበት፤ በተፈጥሮ ግን የሚዘጉት ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ ነው።

ፒተር ዲባይ በ1912 ይህን ወደ ስሌት አመጣው፤ በዚያው ዓመት ቦርን እና ፎን ካርማን የክሪስታሉን አሠራር በዝርዝር የሚከተል ሌላ ስሌት አቀረቡ። የዲባይ ስሌት ዋና ሐሳብ በእጅ ሊቆጠር የሚችል ነው። በአንድ ጠጣር ውስጥ ድግግሞሻቸው ከተወሰነ መጠን በታች የሆኑ የድምፅ ሞገዶች ብዛት በድግግሞሹ ኩብ ያድጋል፤ ምክንያቱም ሞገዱ በሦስት አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። በሙቀት መጠን T የነቁት እሽጋቸው ከ kT የማይበልጥ ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥራቸው ከ T³ ጋር ተመጣጣኝ ነው። እያንዳንዳቸው kT ያህል ሲይዙ አጠቃላይ ኢነርጂው ከ T⁴ ጋር ይሄዳል፤ የሙቀት አቅሙም ከ T³ ጋር። ጠንቃቃው ስሌት በዚህ ላይ የሚጨምረው ከፊት የሚቆመውን ቁጥር ብቻ ነው፦

```
C = (12π⁴/5) · R · (T/θ)³ ≈ 1944 · (T/θ)³   J/(mol·K)
```

የሞገዶቹ ጠቅላላ ብዛት ከአቶሞቹ ሦስት እጥፍ መብለጥ ስለማይችል ዲባይ ድግግሞሹን በአንድ ከፍተኛ ገደብ ላይ ቆረጠው፤ የዲባይ θ የዚህ ገደብ እሽግ ነው። በከፍተኛ ሙቀት ሁሉም ሞገዶች ስለሚነቁ ያው 3R ተመልሶ ይመጣል።

እኔ በዚህ ሞዴል ከሁሉ በላይ አሳማኝ የማገኘው θው ያለ አንዳች የሙቀት መለኪያ መገኘት መቻሉ ነው። በመዳብ ውስጥ የድምፅ ፍጥነት ለሚጨምቀው ሞገድ በሰከንድ 4760 ሜትር፣ ወደ ጎን ለሚያወዛውዙት ሁለት ሞገዶች ደግሞ 2325 ሜትር ገደማ ነው። ሦስቱ ሞገዶች እኩል ክብደት የላቸውም፤ ቀርፋፋ ሞገድ ከተወሰነ ድግግሞሽ በታች ብዙ ንዝረት ስለሚይዝ አማካዩ ወደ ቀርፋፋዎቹ ያጋድላል፤ በሰከንድ 2610 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ይህንና በሜትር ኩብ 8.5 × 10²⁸ የሚሆነውን የመዳብ አቶሞች ብዛት ብቻ ይዞ ሲሰላ θ 342 ኬልቪን ይወጣል። በቅዝቃዜ የሚለካው ሙቀት አቅም የሚሰጠው 343 ነው። አንዱ ቁጥር የመጣው በብረት ውስጥ የሚያልፍን ድምፅ በመለካት ነው፤ ሌላው የመጣው ብረትን በማሞቅ ነው፤ የሚያገናኛቸው የዲባይ ሐሳብ ብቻ ነው። የአንስታይን ሞዴል እንዲህ ዓይነት ፈተና ሊቀመጥለት አይችልም፤ በውስጡ የሚሄድ ድምፅ የለምና።

ይህ ማለት ግን የዲባይ ሞዴል በሁሉም ቦታ ትክክል ነው ማለት አይደለም። ከላይ 20 ኬልቪን ላይ ያየነው 0.385 ከሚለካው 0.46 ያንሳል፤ የኤሌክትሮኖቹ ድርሻ፣ 0.014 ገደማ፣ ቢጨመርም ክፍተቱ አይሞላም። ከመለኪያው ወደ ኋላ ብናሰላ θ 326 ኬልቪን ገደማ መሆን ነበረበት። ምክንያቱ ዲባይ የድምፅ ፍጥነቱ ለሁሉም ሞገዶች አንድ ነው ብሎ ማሰቡ ነው። ሞገዱ እያጠረ የአቶሞቹን ርቀት ሲጠጋ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በመካከለኛው ክልል ሞዴሉ ከሚገምተው የበለጠ ብዛት ያላቸው ሞገዶች ይነቃሉ። በተግባር የ T³ ሕግ በእርግጠኝነት የሚታመነው ከ θ ሃምሳኛ ክፍል በታች ሲሆን፣ ለመዳብ ይህ 7 ኬልቪን አካባቢ ነው። ከ20 ኬልቪን መለኪያ θ አውጥቶ እንደ ንጥረ ነገሩ ቋሚ ባሕርይ መጻፍ ስለዚህ ስሕተት ነው፤ θ በእንዲህ ያለ ንባብ ከሙቀት መጠኑ ጋር ይንሸራተታል።

ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ በብረቶች ውስጥ ሌላ ነገር ብቅ ይላል። ነጻ ኤሌክትሮኖች ከሙቀት መጠኑ ጋር በቀጥታ የሚሄድ ድርሻ አላቸው፤ ለመዳብ በሞል በኬልቪን ስኩዌር 0.695 ሚሊ ጁል ነው። በክፍል ሙቀት ይህ ከንዝረቱ አጠገብ አይታይም። T³ ግን ከ T ይልቅ ፈጥኖ ስለሚወርድ፣ ከ4 ኬልቪን ዝቅ ብሎ ሁለቱ እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ በታች ኤሌክትሮኖቹ ያሸንፋሉ። በመጀመሪያ ያየነው መዳብ 4 ኬልቪን ላይ የያዘው ሙቀት አቅም በሞል በኬልቪን 5.9 ሚሊ ጁል ያህል ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ የኤሌክትሮኖቹ ነው።

ሁለቱን ለመለየት የሚሠራበት ዘዴ ቀላል ነው። C በ T ተካፍሎ ከ T² አንጻር በግራፍ ላይ ይሳላል። ነጥቦቹ ቀጥታ መስመር ላይ ከተቀመጡ፣ መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚቆርጥበት ቦታ የኤሌክትሮኖቹን ድርሻ ይሰጣል፤ የመስመሩ ዘንበልታ ደግሞ የዲባይን θ። የአንስታይን ሞዴል ትክክል ቢሆን ኖሮ መስመሩ በዚህ ክልል ጠፍጣፋ በሆነ ነበር፤ ዘንበልታውን በዓይን ማየት ብቻውን ሞዴሉን ለመጣል ይበቃል። ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ክሪስታል ላይ ደግሞ መስመሩ በዜሮ በኩል ማለፍ አለበት።

ዜሮን ካልቆረጠ ሁለት ነገር መጠርጠር ያስፈልጋል። አንደኛው መለኪያው ራሱ ነው። 4 ኬልቪን ላይ ናሙናው የሚይዘው ሙቀት በጣም አነስተኛ በመሆኑ፣ ናሙናውን ከመድረኩ ጋር ለማጣበቅ የተቀባችው ጠብታ ቅባት፣ የሙቀት መለኪያውና የማሞቂያው ሽቦዎች የራሳቸው ሙቀት አቅም ከናሙናው ጋር ሊፎካከር ይችላል። ለዚህ ነው መድረኩ ቅባቱን እንደያዘ ያለ ናሙና አስቀድሞ የሚለካውና ከጠቅላላው የሚቀነሰው፤ የተቀባው ቅባት በሁለቱ ልኬቶች መካከል በትንሹ እንኳ ከተለያየ ስሕተቱ ሁሉ በናሙናው ላይ ይወድቃል። ይህን ለማወቅ ናሙናውን በሁለት የተለያየ ክብደት ለክቶ ውጤቱን ማነጻጸር ይጠቅማል፤ በሞል የሚገኘው ቁጥር ከተለወጠ የቅባቱ ነው።

ሁለተኛው ጥርጣሬ ናሙናው ክሪስታል አለመሆኑ ነው። ዜለር እና ፖል በ1971 እንዳሳዩት፣ መስታወትና መሰል ቅርጸ ቢስ ጠጣሮች ከ1 ኬልቪን በታች ኤሌክትሪክ ባያስተላልፉም ከ T ጋር በቀጥታ የሚሄድ ተጨማሪ ሙቀት አቅም አላቸው። በሥርዓት ባልተደረደሩ አቶሞች መካከል በሁለት ተቀራራቢ ቦታዎች መሀል የሚዋልሉ ቡድኖች ስላሉ፣ የእነሱ የኢነርጂ ልዩነት ከዜሮ አጠገብ ጀምሮ በሁሉም መጠን ይገኛል፤ ከድምፅ ሞገዶች ይልቅ ዘግይተው ይዘጋሉ። ኳርትዝ ክሪስታልና ከዚያው ንጥረ ነገር የተሠራ መስታወት ተመሳሳይ አቶሞች ይዘው 0.1 ኬልቪን ላይ ሲለኩ መስታወቱ በብዙ እጥፍ የበለጠ ሙቀት ይይዛል።